ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ ሲገጥማችሁ

ውድ ልጆቼ፣

ደሴ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኬሚስትሪ ሳስተምር፣ ለረጅም ጊዜ የፈተና ቅሬታ በሚመረምር ኮሚቴ ውስጥም ሠርቻለሁ። በእጄ ካለፉት ማመልከቻዎች አንዱን ላጫውታችሁ፤ ቅሬታ ማቅረብ መቼ እንደሚገባ ከሌሎቹ ሁሉ በተሻለ ያስተማረኝ እርሱ ነውና።

ጥያቄው «ንጹሕ ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል?» የሚል ነበር። ከምርጫዎቹ መካከል 92 እና 100 ይገኙ ነበር፤ በማረሚያ ቁልፉ ላይ የተጻፈው 100 ነው። አንዲት ተማሪ ግን 92ን መርጣ ነጥቡን አጣች። ይህች ልጅ ከሁለት ሳምንት በፊት በቤተ ሙከራችን ውሃው እየተንፈቀፈቀ ቴርሞሜትሩ 92 አካባቢ ቆሞ አልንቀሳቀስ ሲል በዓይኗ አይታለች። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፣ ውሃውም 100 ሳይደርስ ይፈላል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ብትሞክሩት ወደ 94 ይጠጋል።

የልጅቷ መልስ እውነት መሆኑ ብቻ ግን ለቅሬታ አይበቃም። ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ መልሳቸው ልክ መሆኑን በሁለት ገጽ ያስረዳሉ፣ ጥያቄው ያንን መልስ ይፈቅድ እንደ ሆነ ግን አያሳዩም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የጥያቄውን ቃል አንድ በአንድ አንብቡ። «በባሕር ወለል» ወይም «መደበኛ የመፍላት ነጥብ» የሚል ሐረግ ካለበት ነገሩ ያለቀ ነው፤ «መደበኛ» የሚለው ቃል በሙያው የ1 አትሞስፌር ግፊትን ስለሚያመለክት 92 ሊከላከሉለት የማይችሉት መልስ ይሆናል። ከዚያም በፈተናው መጀመሪያ ያለውን መመሪያ ተመልከቱ። «ከሁሉ የተሻለውን ምረጡ» ካለ፣ የእናንተም ትክክል ሊሆን ይችላል ማለት አይበቃም፤ ከቁልፉ እንደማያንስ ማሳየት ይጠበቅባችኋል። በልጅቷ ፈተና ላይ የግፊቱ ነገር አልተጠቀሰም፣ መመሪያውም «ትክክለኛውን ምረጡ» ብቻ ይል ነበር።

ቀጥሎ በቁልፉ ወገን ቆማችሁ ራሳችሁን ተከራከሩ። «መጻሕፍት ቦታ ሳይጠቅሱ ሲጽፉ 100 ይላሉ» የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም፤ እኔም መጀመሪያ የያዝኩት እርሱን ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የመልስ ወረቀቶቹ ቆጠራ ነው። ከ56 ተማሪዎች በጠቅላላ ውጤታቸው ከላይ ካሉት 14ቱ ውስጥ ሰባቱ 92ን መርጠዋል፤ ከታች ካሉት 14ቱ ግን 92ን የመረጡት ሁለት ብቻ ናቸው። ጎበዞቹ ለሁለት ሲከፈሉ፣ ደካሞቹ ደግሞ በብዛት ወደ ቁልፉ ሲሄዱ፣ ጥፋቱን በተማሪው ሳይሆን በጥያቄው አጻጻፍ መፈለግ ይገባል። እናንተ የክፍሉን ወረቀት ሁሉ ማየት አትችሉም፤ ነገር ግን በትምህርቱ የምታምኑባቸውን አምስት ስድስት ልጆች ምን እንደ መረጡና ለምን እንደ መረጡ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሁሉም ያለ ማመንታት ቁልፉን መርጠው ከሆነ፣ ማመልከቻውን ከመጻፋችሁ በፊት ጥያቄውን እንደ ገና አንብቡት።

ምን እንደምትጠይቁም አስቀድማችሁ አስሉ። ልጅቷ ከ40 ጥያቄ 27 አግኝታ ነበር፣ ይህም 67.5 በመቶ ነው፤ ማለፊያው 70 ነበር። ጥያቄው ቢሰረዝ 27 ከ39 ይሆንና 69.2 ላይ ትቀራለች። ሁለቱም መልሶች ተቀባይነት ቢያገኙ ግን 28 ከ40፣ ማለትም 70 ትሞላለች። 100ን መርጦ ልክ 28 ያመጣ ጓደኛዋ ደግሞ መሰረዙ ወደ 69.2 ያወርደው ነበር፤ ያለ ጥፋቱ የሚጎዳ ሰው አለ ማለት ነው። «ጥያቄው ይሰረዝልን» የሚለው ልመና ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት የሚጻፍ በመሆኑ ይህን ስሌት እንዳትዘሉት አደራ እላለሁ። በነገራችን ላይ ቅሬታው አንድ ነጥብ ቢያስገኝላችሁም ውጤታችሁን የማይለውጥበት ጊዜ አለ፤ ያኔም ጥያቄው ለሚቀጥለው ዓመት እንዲስተካከል ለመምህራችሁ በቃል መንገር በቂ ነው።

የልጅቷ ማመልከቻ ግማሽ ገጽ አልሞላም። ጥያቄውን ቃል በቃል ገልብጣ፣ ግፊቱ አለመገለጹን ጠቁማ፣ በቤተ ሙከራ የተመዘገበውን ቁጥር ከነቀኑ ጠቅሳ፣ 100ም ልክ መሆኑን ራሷ አምና፣ ሁለቱም እንዲያዙ ጠየቀች። ቁልፉ ስሕተት ነው አላለችም፤ ስላላለችም ጥያቄውን ያወጣው ባልደረባችን ራሱን ለመከላከል አልተነሣም፣ ጥያቄውን አብሮን አነበበ። ሁለቱም መልሶች ተያዙ።

በዚያው ሳምንት ሌላ ልጅ ይህንኑ ሰምቶ ከሌላ ክፍል ፈተና ተመሳሳይ ቅሬታ ይዞ መጣ። ወረቀቱን ከፍቼ ጥያቄውን ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት፤ «መደበኛ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ዝም አለ፣ ማመልከቻውንም አጥፎ ኪሱ ከተተው።