ልቦለድ ለሚጀምር ሰው መጻሕፍቱ በምን ቅደም ተከተል ይነበቡ? የጎንደር አንባብያን ጥያቄና መልስ

ጠያቂ ከአዘዞ፦ ስሕተት እንዳላበዛ የአርትዖት መጽሐፍ አስቀድሜ ባነብስ?

መልስ፦ እሱን ለመጨረሻ ያቆዩት። ሬኒ ብራውንና ዴቭ ኪንግ የልቦለድ ጸሐፊ የራሱን ሥራ እንዴት እንደሚያርም የጻፉት መጽሐፍ የሚጠቅመው የተጠናቀቀ ረቂቅ በእጁ ላለ ሰው ነው፤ ያለ ረቂቅ ያነበበው ግን ገና ያልጻፈውን ዓረፍተ ነገር መሰረዝ ይጀምራል። መነሻዎ የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» ይሁን፤ ሴራን፣ ገጸ ባሕርይንና አንጻርን በአማርኛ ስማቸው ያውቋቸዋል። ቀጥሎ የአርሱላ ለ ጒን «ስቲሪንግ ዘ ክራፍት» ይምጣ፤ ይህ መጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ ልምምዶቹን መሥራት የሚጠይቅ ነው። አንዱ ልምምድ ያለ ቅጽልና ያለ ተውሳከ ግሥ አንድ ገጽ ያህል መጻፍ ሲሆን፣ የመጨረሻው ደግሞ ቀድሞ የተሠራን ከ400 ቃላት በላይ የሆነ ጽሑፍ በግማሽ ማሳጠር ነው። ወደ አርትዖት የሚያሻግረው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጠያቂ ከቀበሌ 18፦ እኔስ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፍ ስሰርዝ አለሁ። የትኛው መጽሐፍ ያስጨርሰኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለጊዜው መጽሐፍ ይቅርብሽ። ሁለተኛውን ምዕራፍ ጀምሪ፤ የመጀመሪያው ምን እንደሚጎድለው የምታውቂው ፍጻሜውን ስታዪ ነው። ረቂቁ ሲያልቅ የስቲቨን ኪንግን «ኦን ራይቲንግ» አንብቢ። ረቂቁን ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሳያዩ ማቆየትን ይመክራል፤ ያን ያህል የቆየን ጽሑፍ ጸሐፊው እንደ ሌላ ሰው ሥራ ሊያነበው ይችላል።

አንድ ተሳታፊ፦ ኪንግ ተውሳከ ግሥ ፈጽሞ አትጠቀሙ ይላል እኮ!

መልስ፦ አጥብቆ ያስጠነቅቃል፤ እርሱም እንደሚጠቀም ግን ያምናል። ለእኛ ምክሩ እንዳለ አይሠራም፤ በአማርኛ የአደራረግን ሁኔታ በብዛት የሚገልጹት እንደ «በቁጣ» እና እንደ «ጮኾ» ያሉ ቃላት ናቸውና ጥንቃቄው ወደ እነርሱ ይዙር። አንድ ወጣት ይህን አሳየኝ፦ «‹አልመጣም› ሲል በቁጣ ጮኾ ተናገረ።» ቁጣው በንግግሩ ውስጥ ስላልነበረ ሦስት ቃላት ተሸከሙት። አብረን ስናርመው እንዲህ ሆነ፦ «‹አልመጣም።› ስኒውን ሳይጨርስ ተነሣ።» ጩኸቱ ጠፋ፤ ቁጣው ግን አልጠፋም። ትዕይንቱ ጩኸቱን የሚፈልግ ከሆነ ግን «ጮኸ» ብቻውን ይበቃል።

ጠያቂ ከማራኪ፦ ሁለተኛው ረቂቅ በ10 በመቶ ይጠር የሚለው የኪንግ ምክርስ?

መልስ፦ ልኩ ለእንግሊዝኛ የተነገረ ነው። «አልነገረችኝም» አድራጊዋን፣ ተነጋሪውንና አሉታውን በአንድ ቃል ስለያዘ፣ በቃል ቁጥር ስንቆርጥ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ነገር ልናጣ እንችላለን። እኔ የምቆርጠው በቃል ሳይሆን በዓረፍተ ነገር ነው፤ አንዱን አውጥቼ ቀጣዩ ሳይደናቀፍ ከተነበበ አልመልሰውም። ከመካከላችን 10 በመቶውን እንዳለ የሚጠብቁ አሉ፤ እስካሁን አልተስማማንም።