የደመወዝ መዘግየት ማስታወቂያ፦ መጀመሪያ ቀኑን ከፋይናንስ ይዘሽ ነይ

ጥያቄ፦ «ወደ ሰማንያ ሠራተኛ ባለው የግል ድርጅት የሰው ሀብት ኃላፊ ነኝ። ትልቁ ደንበኛችን ክፍያ ስላዘገየብን የኅዳር ደመወዝ በ30 አይደርስም። ሥራ አስኪያጁ ማስታወቂያ ጻፊ አለኝ። የጻፍኩት ይሄ ነው፦ ‹ድርጅታችን ከአቅም በላይ በሆኑ አንዳንድ ምክንያቶች በኅዳር ወር የደመወዝ ክፍያ ላይ መጠነኛ መዘግየት ያጋጠመው መሆኑን እየገለጽን፣ ችግሩን ለመቅረፍ ከፍተኛ ጥረት በማድረግ ላይ ስለምንገኝ ክፍያው በቅርቡ እንደሚፈጸም እያሳወቅን፣ ሠራተኞቻችን በትዕግሥት እንድትጠብቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።› በዝቷል መሰለኝ። የቱን ላውጣ? ሠራተኛው ሳይደናገጥ እውነቱን እንዴት ልንገረው?»

እህቴ፣ ረቂቅሽ የረዘመው ቀን ስለሌለው ነው። ቀኑ ሲጠፋ ቦታውን «ጥረት»፣ «ትዕግሥት» እና «በአክብሮት» ይይዙታል። ስለዚህ ከጽሑፉ ምንም ሳትቆርጪ መጀመሪያ ፋይናንስ ክፍል ሂጂና ቀኑን ይዘሽ ተመለሺ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በፋይናንስም በሰው ሀብትም ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቀኑ በእጅ ከገባ ማስታወቂያው ራሱ ያጥራል።

ሥራ አስኪያጅሽ ምናልባት «ደንበኛው ሐሙስ እከፍላለሁ ብሏል፣ ዓርብ ይገባል በያቸው» ይልሽ ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም በይ። ገንዘቡ ለድርጅቱ የሚገባበት ቀን አንድ ነገር ነው፤ ደመወዙ ሠራተኛው እጅ የሚገባበት ቀን ሌላ። በመካከላቸው ያለውን መንገድ እንቁጠረው። ኅዳር 30 ማክሰኞ ዋለ እንበል። ደንበኛው ቼኩን ሐሙስ ታኅሣሥ 2 ሰጣችሁ። ቼኩ የሌላ ባንክ ከሆነ ዕለቱን አይመነዘርም፣ ስለዚህ ገንዘቡ ሒሳባችሁ ውስጥ የሚታየው ዓርብ 3 ነው ብለሽ ያዢ። ከዚያ ፔይሮሉ ይጸድቃል፣ ለባንክ የሚሄደው ደብዳቤና ዝርዝር ይፈረማል። ፈራሚዎቹ ሁለት ከሆኑና አንዱ መስክ ላይ ከሆነ እዚያው አንድ ቀን ይሄዳል። ዝርዝሩ ሰኞ 6 ባንክ ይደርሳል። እናንተ በምትሠሩበት ባንክ ሒሳብ ያላቸው ያን ቀን ያገኛሉ። ደመወዛቸው ወደ ሌላ ባንክ የሚላክላቸው ደግሞ ማክሰኞ 7 ሊሆንባቸው ይችላል። የአንድ ሰው የሒሳብ ቁጥር ተሳስቶ ዝርዝሩ ከተመለሰም ሌላ ቀን ይጨመራል።

እንግዲህ የምትጽፊው ቀን ረቡዕ ታኅሣሥ 8 ነው። ዓርብ ብለሽ ረቡዕ ከሚገባ ረቡዕ ብለሽ ማክሰኞ ቢገባ ይሻላል። ቀድሞ በገባ ደመወዝ የሚከፋ ሰው የለም። አንዴ የተላለፈ ቀን ግን ሁለተኛውን ማስታወቂያሽን ማንም እንዳያምነው ያደርጋል።

ይህ ሁሉ ስሌት የቆመው በደንበኛው ቃል ላይ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ጠይቂ። አንደኛ፣ ቼኩ ተፈርሟል ወይስ ገና «ሂደት ላይ ነው»? ሂደት ላይ ከሆነ ሐሙስ የሚባለው ተስፋ እንጂ ቀን አይደለም። ሁለተኛ፣ ደንበኛው ባይከፍልስ ከየት ነው የምንከፍለው? ከባንክ ኦቨርድራፍት? ከባለቤቱ ኪስ? ከሌላ ደንበኛ ከሚሰበሰብ ገንዘብ? ሥራ አስኪያጁ ለዚህ መልስ ካለው ቀኑ የጸና ነው፣ ጻፊው። መልስ ከሌለው የክፍያ ቀን አትጻፊ። በምትኩ መረጃ የምትሰጪበትን ቀን ጻፊ፦ «ሰኞ ታኅሣሥ 6 ጠዋት 4 ሰዓት የደረስንበትን እናሳውቃለን።» ይህም ቢሆን ቀን ነው፣ ያውም የምታከብሪው ቀን።

ቀኑ ይህን ያህል የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ አንድ ነገር ላጫውትሽ። አንድ የሠራሁበት ቦታ ልክ እንደ ረቂቅሽ ያለ ማስታወቂያ ቦርድ ላይ ተለጠፈ። የሌሊት ተረኛ የነበረ ጥበቃ ከሥራ ሲወጣ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ ዞር ብሎ «እሺ፣ አከራዬን ለመቼ ልበላት?» አለኝ። ማስታወቂያሽን የሚያነብ ሁሉ ለሌላ ሰው መልስ መስጠት አለበት። ለአከራይ፣ ለዕቁብ ዳኛ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለባንክ ብድር። «በቅርቡ» ለአከራይ አይነገርም። «ረቡዕ ታኅሣሥ 8» ይነገራል።

አሁን ወደ ምክንያቱ። «ከአቅም በላይ በሆኑ አንዳንድ ምክንያቶች» የሚለውን አውጪው። ሠራተኛው ምክንያቱ ሲደበቅበት ራሱ ይፈጥረዋል፤ የሚፈጥረው ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። ድርጅቱ ሊዘጋ ነው፣ ሰው ሊቀነስ ነው፣ ባለቤቱ ገንዘቡን ሌላ ቦታ አዋለው ይባላል። ከዚያም በላይ አባባሉ ትክክል አይደለም። ከአቅም በላይ የሚባል ነገር በሕግ የራሱ ትርጉም አለው፤ ደንበኛ ዘግይቶ መክፈሉ በነጋዴ ሕይወት የሚጠበቅ ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቢሆን ደመወዝ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በውል በተወሰነው ጊዜ እንዲከፈል ነው የሚለው። መሠረታዊ ግዴታውን ደጋግሞ ያልፈጸመ አሠሪን ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለቀው እንደሚችልም በዚያው አዋጅ አለ። ስለዚህ ማስታወቂያው የድርጅቱን ግዴታ የሚቀንስ ቃል አይኑረው። ግዴታ ነበር፣ በቀኑ አልተፈጸመም፣ ይቅርታ፤ በቃ። የደንበኛውን ስም ግን አትጻፊ። ንግዱ ያስፈልጋችኋል፤ ደግሞ የተናደደ ሰው ደውሎ ሊያናግራቸው ይችላል።

«መጠነኛ» የሚለውም ይውጣ። ስምንት ቀን መጠነኛ መሆኑንና አለመሆኑን የሚያውቀው ኪሱ ባዶ የሆነው ሰው ነው። «በትዕግሥት ጠብቁን» የሚለውም እንዲሁ። ሠራተኛው ምርጫ ስለሌለው ይጠብቃል፣ ትዕግሥትን ግን ማዘዝ አይቻልም። እርጋታ የሚመጣው ግልጽ ነገር ሲነገር ነው። ረጋ ያለ ማስታወቂያ ምን እንደማይሆን፣ ምን እንደሚሆንና መቼ እንደሚሆን በቅደም ተከተል ይናገራል።

እኔ ብሆን እንዲህ አድርጌ እጽፈዋለሁ፦

«ለሁሉም ሠራተኞች

የኅዳር ደመወዝ በተለመደው ቀን፣ ማክሰኞ ኅዳር 30፣ አይከፈልም። ረቡዕ ታኅሣሥ 8 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ሙሉ ደመወዛችሁ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያን ጨምሮ፣ በየባንክ ሒሳባችሁ ይገባል።

የዘገየው አንድ ትልቅ ደንበኛ በውሉ ቀን ስላልከፈለን ነው። ደመወዝን በቀኑ መክፈል የድርጅቱ ግዴታ ነው። ይህን ባለመፈጸማችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

እስከዚያ ለቤት ኪራይ፣ ለሕክምና ወይም ለሌላ አስቸኳይ ጉዳይ ገንዘብ የሚያስፈልገው ሠራተኛ ሰው ሀብት ክፍል መጥቶ የቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ይችላል።

የታኅሣሥ ደመወዝ በመደበኛ ቀኑ ይከፈላል።»

ከሥሩ የሥራ አስኪያጁ ስምና ፊርማ ይሁን። የሰው ሀብት ክፍል ማኅተም ብቻ ከሆነ ሠራተኛው ኃላፊው እንደተደበቀ ነው የሚያየው።

ሥራ አስኪያጁ «አይከፈልም ብለሽ መጀመርሽ ያስደነግጣል» ሊልሽ ይችላል። ያስደነግጣል፣ እውነት ነው። ግን ድንጋጤው እስከሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ድረስ ብቻ ነው፤ እዚያ ቀኑን ያገኘዋል። መጥፎው ዜና መሐል ላይ ሲቀበር ግን ሰው ሁለት ሦስቴ ያነበዋል፣ ከዚያም ምን ሊሉ ነው ብሎ መጠርጠር ይጀምራል።

ስለ ቅድሚያ ክፍያው አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ያን አንቀጽ የምትጽፊው ገንዘቡ በእጅ ካለ ብቻ ነው። ከመለጠፍሽ በፊት ለአንድ ሰው እስከ ስንት እንደሚሰጥ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተስማሚ፣ ለምሳሌ ከተጣራ ደመወዙ ሩብ ድረስ። የደመወዛቸው መጠን ዝቅተኛ የሆነውን፣ ማለትም ጽዳቶችን፣ ጥበቃዎችንና ተላላኪዎችን፣ አስቀድሚ። ገንዘብ ከሌለ አንቀጹን ሙሉ በሙሉ ሰርዢው። ቢያንስ ለአከራይ የሚታይ የድጋፍ ደብዳቤ መስጠት አይከብድም፤ እሱን በቦታው ጻፊ።

የታኅሣሡን ዓረፍተ ነገርም እንዲሁ፣ እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትጻፉት። ግን ጥያቄው አይቀርም። ገና የሚውለው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ሁሉም «የበዓሉስ?» ማለቱ አይቀርም። ደመወዙ ከበዓሉ በፊት ይከፈል እንደሆነ መልሱን ቀድመሽ ያዢ።

አለጣጠፉ አጭር ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ ቀድመው ሊያውቁ የሚገባቸው የየክፍሉ ኃላፊዎች ናቸው፤ ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ሰብስበሽ ጽሑፉን ስጫቸው፣ ከጽሑፉ ውጭ የራሳቸውን ቀን እንዳይጨምሩም ንገሪያቸው። ከዚያ ቦርድ ላይና ቴሌግራም ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ በአንድ ሰዓት ይውጣ። ጠዋት ይሁን፣ እናንተም ቢሮ ውስጥ ሁኑ። ማታ መውጫ ላይ ለጥፎ መሄድ የሸሸ ያስመስላል። እንዳወቃችሁ ንገሩ፤ ማክሰኞ የማይገባ መሆኑን ዓርብ ካወቃችሁ ዓርብ ጠዋት ይለጠፍ። ለሌሊት ጥበቃዎች ተረኛው ኃላፊ ያንብብላቸው። የውጭ አገር ዜጋ ካላችሁ ታኅሣሥ 8 ጎን ዲሴምበር 17 ብለሽ ጨምሪ፣ ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊ። የኛ 11 ሰዓት ለነሱ 5 ሰዓት ነው።

ሰኞ ታኅሣሥ 6 ጠዋት ፋይናንስ ሂጂና ገንዘቡ መግባቱን፣ ዝርዝሩም ባንክ መድረሱን አይተሽ አረጋግጪ። ካልገባ ሰኞውኑ ንገሪ፣ ረቡዕ 11 ሰዓትን አትጠብቂ። አዲሱን ቀን የምትሰጪው ግን ሁለተኛው የገንዘብ ምንጭ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ከገባ ደግሞ ረቡዕ ከሰዓት አንዲት መስመር ላኪ፦ «የኅዳር ደመወዝ ተልኳል። እስከ 11 ሰዓት ያልገባለት ስሙንና የሒሳብ ቁጥሩን ለፋይናንስ ይስጥ።» ቅድሚያ ክፍያ የወሰዱትን ሰዎች ዝርዝር ደግሞ ፔይሮሉ ከመጽደቁ በፊት ለፋይናንስ አስረክቢ፣ አለዚያ የወሰዱት ሳይቀነስ ሁለቴ ይከፈላቸዋል።