🤝 ያሳሳተን ዓረፍተ ነገር

ጥያቄ፦ «እኛ ቤት አንዱ ዓረፍተ ነገር በኢሞጂ ብቻ ይጽፋል፣ ሌላው መልሶ በአማርኛ ያነበዋል። አንዳንዱ በትክክል ይመለሳል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ሌላ ነገር ይሆናል። ምክንያቱ ምንድነው?»

እኛም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ይሄንኑ ነው የምንጫወተው። «እናቴ ዛሬ ጠዋት በታክሲ ገበያ ሄዳ ሽንኩርት ገዛች» የሚለውን 👩🌅🚐🛒🧅 ብዬ ጻፍኩት። የእህቴ ልጅ ወዲያው «ሴትዮዋ ጠዋት በታክሲ ገበያ ሄዳ ሽንኩርት ገዛች» አለ። «እናቴ» ወደ «ሴትዮዋ» ወረደች፣ «ዛሬ»ም ጠፋ። ሌላው ግን በዓይን የሚታይ ስለሆነ ደህና ተመለሰ።

ቀጥዬ «አከራያችን ቃሉን ስላጠፈ አላምነውም» የሚለውን 👨🏠🔑🤝💔🙅 አልኩት። ለየብቻ ለሦስት ሰው አሳየሁ። (ሁልጊዜ ለየብቻ አሳዩ፣ አንዱ ከሰማ ይኮርጃል።) ጎረቤታችን እትዬ «ባልና ሚስት ተፋቱ፣ ቤቱን እሱ ወሰደ» አሉ። የእህቴ ልጅ «ቤት ሊገዛ ተስማምቶ ተወው» አለ። ወንድሜ ደግሞ «ሰላም አልለውም» ብሎ አረፈው።

ሦስቱንም ያሳሳተው 🤝 ነው። እኔ «ቃል» ብዬ አስቀመጥኩት፤ ሥዕሉ ግን የተጨባበጡ እጆች ብቻ ነው። ቃል አይሳልም፤ የምንስለው ቃል ሲገባ የሚታየውን ነገር ነው። ያ ደግሞ ለሰላምታም፣ ለግዢም፣ ለእርቅም ያው ነው። አንባቢው ወደ እኔ ሐሳብ የሚመለስበት መንገድ የለውም፣ የራሱን ይመርጣል። «ማጠፍ»ማ ይባስ! የታጠፈ ወረቀት ብስል ማን ቃል ብሎ ያነበዋል?

«አላምነውም»ን ደግሞ እዩት። አንድ ቃል ነው፤ ግን «እኔ»ም «እሱን»ም አሉታውም ውስጡ ናቸው። 🙅 ከዚያ ሁሉ የሚይዘው «እምቢ»ን ብቻ ነው። «ስላጠፈ» ውስጥ ያለው የ«ስለ»ማ ሥዕል የት ይገኛል?

በኋላ ዘዴ ቀየርኩ። ረቂቁን ቃል ትቼ የሆነውን ነገር ጻፍኩ፦ ኪራይ አልጨምርም አለ፣ ከወር በኋላ ጨመረ። 👨🏠🔑🗣️❌💵⬆️ 📅 💵⬆️ አልኩት። የእህቴ ልጅ «አልተናገረም፣ ዝም ብሎ ጨመረ» አለ። ❌ 🗣️ን ተከትሎ ስለመጣ ንግግሩን ሰረዘው። ❌ን ከመጀመሪያው ⬆️ በኋላ ሳዞረው ወንድሜ «አልጨምርም ብሎ ጨመረ፣ ውሸታም!» አለ። ደስ አለኝ፣ «አላምነውም» ሳልጽፈው የመጣ መሰለኝ።

ከዚያ ለእትዬ አሳየሁ። እሳቸውም አንድ ክፍል ያከራያሉ። ስልኩን ራቅ አድርገው አዩና «ምስኪን፣ ኑሮ ተወዶበት እኮ ነው የጨመረው» አሉኝ።