የፖስታ ክፍያ ሜሴጅ፦ እውነተኛ ነው ወይስ ማጭበርበሪያ?

ጥያቄ፦ «ሰላም የግሩፑ ቤተሰቦች። ይሄ ሜሴጅ እናቴ ስልክ ላይ ገባ። መሐል ሜዳ ነው ያለችው። ወንድሜ ከዱባይ በፖስታ ዕቃ ልኮላት፣ በኔ በደብረ ብርሃኑ ሳጥን ቁጥር እየጠበቅን ነው። ‹ዕቃዎን ቤትዎ ማድረስ አልቻልንም፣ ያልተከፈለ 42.50 ብር አለ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይክፈሉ› ይላል። እውነት ይሁን ማጭበርበር በምን ልወቅ? ስክሪንሾቱን አያይዣለሁ።»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ምስሉ ላይ የእናትሽ ስልክ ቁጥር ይታያል። አጥፊውና ቁጥሩን ሸፍነሽ መልሰሽ ለጥፊው። ሜሴጁ ማጭበርበሪያ ነው፤ በምን እንዳወቅኩ ደግሞ ላስረዳሽ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የስልክ ሱቅ አለኝ። ሰው እንዲህ ዓይነት ሜሴጅ እያሳየ «ልክፈል ወይ?» ሲለኝ ነው የምውለው። በተለይ እንዳንቺ ቤተሰብ የእውነት ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ቶሎ ይታለላል። አጭበርባሪው ግን ስለ ወንድምሽ የሚያውቀው ነገር የለም። ለብዙ ሺህ ቁጥር አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይበትናል፤ ከዚያ መሃል ዕቃ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም።

ዋናው ማስረጃ ሊንኩ ነው። ምስሉ ላይ እንዲህ ይላል፦

```
https://ethio.post-pay2.top/et
```

ለዓይን የፖስታ ቤቱ ይመስላል፤ ምክንያቱም የኢትዮጵያ ፖስታ ትክክለኛ አድራሻ `ethio.post` ነው። አሁን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ከ`https://` በኋላ እስከ መጀመሪያው እዝባር `/` ድረስ ያለውን ብቻ ያዢ፤ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ ሂጂ። መጨረሻው `top` ነው። ከሱ በፊት እስከ ነጥቡ ድረስ ያለው `post-pay2` ነው። ስለዚህ ሰውየው የገዛው አድራሻ `post-pay2.top` ነው። ፊቱ ያለውን `ethio` ማንም ሰው በራሱ አድራሻ ላይ እንደፈለገ ይለጥፋል፤ ፈቃድ የሚጠይቀው የለም። ነገሩን ያጋለጠችው ከ`post` ቀጥላ ያለችው ሰረዝ ናት። እውነተኛው ቢሆን ኖሮ ከ`post` በኋላ ወይ እዝባር ይኖር ነበር፣ ወይ እዚያው ያልቅ ነበር። በ`.post` የሚያልቅ አድራሻ ደግሞ ዝም ብሎ አይገዛም። የሚያስተዳድረው የዓለም ፖስታ ኅብረት ነው፤ የሚሰጠውም በፖስታ ሥራ ላይ ላሉ ነው። አጭበርባሪው ያንን ስለማያገኝ ነው በሰረዝ ያስመሰለው።

ሁለተኛው ላኪው ነው። ምስሉ ላይ በ+63 የሚጀምር ቁጥር አለ። የፊሊፒንስ ኮድ ነው። የእኛ ፖስታ ቤት ከፊሊፒንስ ቁጥር ብር የሚጠይቅበት ምክንያት የለም። ግን ተጠንቀቂ፤ ነገ ላኪው በቁጥር ፋንታ የፖስታ ቤቱን ስም ይዞ ሊመጣ ይችላል። የሜሴጅ ላኪ ስም ተመሳስሎ ይላካል፤ አንዳንዴም ከእውነተኛው ድርጅት የድሮ ሜሴጆች ሥር ገብቶ ይቀመጣል። ስለዚህ የማይመስል ላኪ ሐሰት መሆኑን ይነግርሻል እንጂ፣ የሚመስል ላኪ እውነት ነው ማለት አይደለም። አማርኛውም እንደዚያው ነው። ጥሩ አማርኛ አሁን በቀላሉ ይገኛል።

የመጨረሻዋን መስመርም እይልኝ፤ «Y ብለው ይመልሱ፣ ሜሴጁን ዘግተው እንደገና ይክፈቱ» ትላለች። ይህ ለአይፎን የተጻፈ ነው። አይፎን ከማታውቂው ሰው በአይሜሴጅ የመጣ ሊንክን መልስ እስክትሰጪ ድረስ አያስነካሽም፤ ስትመልሺ ይከፈታል። ምስሉ ላይ የእናትሽ ስልክ ሳምሰንግ ይመስላል። ለሳቸው ተብሎ የተጻፈ እንዳልሆነ በዚህም ታያለሽ። «ቤትዎ ማድረስ አልቻልንም» የሚለውም አብሮ አይሄድም። አንቺ እንዳልሽው ዕቃው የሚመጣው በሳጥን ቁጥርሽ ነው፤ መታወቂያ ይዘሽ ሄደሽ ነው የምትወስጂው። መሐል ሜዳ ቤታቸው ማን ሄዶ አጣቸው?

ብሩ ለምን አነሰ ትይ ይሆናል። 42.50 ማንም ሳያስብ የሚከፍለው ስለሆነ ነው። የሚፈልጉት እሱን አይደለም። ሊንኩ ሲከፈት ስም፣ ስልክ፣ ከዚያ የካርድ ቁጥር ወይም የቴሌብር ፒን ይጠይቃል። ቀጥሎ «የደረሰዎትን ኮድ ያስገቡ» ይላል። ሰው የሚበላው እዚህ ላይ ነው። አንድ ደንበኛዬ ኮዱ ከእውነተኛው አገልግሎት ስለመጣ አምኖ አስገባው። ኮዱ በርግጥ እውነተኛ ነበር። ግን ክፍያውን ማረጋገጫ አልነበረም፤ እነሱ በዚያው ደቂቃ የሱን አካውንት በሌላ ስልክ ሊከፍቱ ሲሞክሩ የተላከ ነው። ኮድ ሲመጣ ከቁጥሩ በፊት ለምን እንደተላከ የሚለውን ጽሑፍ አንብቡ። በዚያ ቀን ያንን መስመር ቢያነበው ኖሮ ብሩ አይሄድም ነበር።

አሁን ወደ እውነተኛው ዕቃ እንምጣ። ከውጭ የመጣ ዕቃ ቀረጥ ሊጠየቅበት ስለሚችል «ክፍያ የሚባል ነገር የለም» ብለሽ እንዳትተዪው። ሜሴጁን ተዪና ዕቃውን ጠይቂ። ወንድምሽ የላከበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። በፖስታ የተላከ ጥቅል ቁጥሩ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አሃዝ፣ መጨረሻ ላይ የላኪው አገር ሁለት ፊደል ነው። ከዱባይ ከሆነ የሚያልቀው በ`AE` ነው፤ ይህን ይመስላል፦

```
CP473124585AE
```

ይህ ለምሳሌ ነው። በሜሴጁ ላይ ያለው `ET-88291047` ግን ቅርጹም አይገጥም፣ የአገሩም ፊደል አይገጥም። ቅርጹ ቢገጥም እንኳ አጭበርባሪ የሚመስል ቁጥር መፍጠር ስለሚችል፣ የምታምኚው ከወንድምሽ እጅ ያገኘሽውን ብቻ ነው። ያንን ቁጥር ይዘሽ `ethio.post` ብለሽ ራስሽ ጽፈሽ ግቢና ፈልጊ። ዕቃው ገና ከዱባይ አልወጣም ካለ፣ እዚህ የሚከፈልበት ነገር ሊኖር አይችልም። ቀረጥ የሚተመነው ዕቃው ገብቶ ከታየ በኋላ ነው። ደርሷል ካለ ደግሞ መታወቂያና ቁጥሩን ይዘሽ ደብረ ብርሃን ፖስታ ቤት ሂጂ። ክፍያ ካለ እዚያው መስኮት ላይ ይነግሩሻል፤ ከፍለሽ ደረሰኝ ትቀበያለሽ። ወንድምሽ በፖስታ ሳይሆን በካርጎ ወይም በመንገደኛ ልኮት ከሆነ ግን ፖስታ ቤት ስለሱ የሚያውቀው ነገር አይኖርም፤ በፖስታ ስም የመጣው ሜሴጅም ያኔውኑ ወደቀ።

እናትሽን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ ሊንኩን ነክተው ነበር? ከፍተው ምንም ሳይጽፉ ከዘጉት ብዙ የሚያሰጋ አይደለም። አፕ አውርዱ ብሏቸው ጭነው ከሆነ ኢንተርኔቱን አጥፍተሽ አፑን አጥፊው። ፒን ወይም ኮድ ካስገቡ ግን ነገ አትበይ፤ አሁኑኑ ፒኑ ይቀየር፣ ለቴሌብር 127 ደውዪ፣ የባንክ ካርድ ከሆነ ባንካቸው ካርዱን ይዝጋ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ነው። ስልክ ቁጥሩን ከሜሴጁ ላይ እንዳትወስጂ። ወንድምሽ የሚልክልሽን የጥቅል ቁጥርም እዚህ ግሩፕ ላይ አትለጥፊው፤ «ላጣራልሽ» ብሎ በውስጥ ለሚጠይቅሽም አትስጪ።