ከጅዳ የመጣው የብድር ውል፦ 1428 ነው ወይስ 1438?

ጥያቄ፦ ጅዳ ሳለሁ ለአንድ የአገሬ ልጅ 15,000 ሪያል አበድሬ በዐረብኛ ውል ተፈራርመናል። ዋናው ወረቀት እህቴ ዘንድ ጅዳ ነው፤ እኔ ጅማ ያለኝ በቴሌግራም የላከችልኝ ፎቶ ብቻ ነው። ሳስተረጉመው የመክፈያው ቀን «ቅዳሜ 1/9/1428» ሆኖ ወጣ። ተበዳሪው አሁን ጅማ ነው፤ ጠበቃው «ዕዳው በይርጋ ታግዷል» ይላል። እኔ ግን ሳውዲ የገባሁት በ2005 ዓ.ም. ነው። ምን ላድርግ? (ከጅማ፣ ሂርማታ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የትርጉሙ ቀን ራሱን በራሱ ይቃረናል። በሳውዲ አቆጣጠር ረመዳን 1 ቀን 1428 የዋለው ሐሙስ፣ መስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው እንጂ ቅዳሜ አይደለም። ረመዳን 1 ቀን 1438 ግን በትክክል ቅዳሜ፣ ግንቦት 19 ቀን 2009 ዓ.ም. ላይ ይውላል። በዐረብኛ አኃዝ ሁለትና ሦስት የሚለዩት በራሳቸው ላይ ባለች አንዲት ጥርስ ሲሆን፣ ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ምስሉን ስለሚያሳንሰው ይህች ጥርስ በቀላሉ ትጠፋለች። ወደ ሳውዲ የገቡበት ዘመንም ከ1428 ጋር ፈጽሞ ስለማይገጥም፣ የፓስፖርትዎን የመግቢያ ማኅተምና የኢቃማዎን ቅጂ ከማስረጃዎ ጋር ያያይዙ።

ልዩነቱ ጉዳዩን የሚወስን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1845 መሠረት፣ ሕጉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር፣ ከውል የሚመነጭ መብት በ10 ዓመት በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው የሚቆጠረውም በቁጥር 1846 መሠረት ዕዳው ሊከፈል ከሚገባበት ቀን ጀምሮ ነው። ቀኑ 1428 ቢሆን ኖሮ መብትዎ በመስከረም 2010 ዓ.ም. አብቅቶ ነበር፤ 1438 ከሆነ ግን እስከ ግንቦት 2019 ዓ.ም. ይዘልቃል። ሆኖም የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ብቻ በመሆኑ፣ አሥሩ ዓመት በሂጅራ ይቆጠር ብሎ ተከራካሪ ቢነሳ ጊዜው ሦስት ወር ተኩል ያህል ቀድሞ፣ በየካቲት 2019 መጀመሪያ ላይ ያልቃል። በእኔ እምነት የሕጋችን ዓመት የአገራችን ዓመት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ክርክር መብትዎን አደጋ ላይ መጣል ስለማይገባ፣ ክሱ ከጥር 2019 ማብቂያ በፊት መዝገብ ቤት መግባት አለበት። ተበዳሪው በመካከሉ ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ ወይም ዕዳውን በጽሑፍ አምኖ ከሆነ፣ በቁጥር 1851 መሠረት ይርጋው ተቋርጦ እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራልና፣ የባንክና የሐዋላ ደረሰኞችን እንዲሁም መልእክቶቹን አይሰርዙ።

የገንዘቡም ልክ እንዲሁ መጣራት አለበት። በዐረብኛ አምስት ቁጥር ክብ መሰል ናት፤ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ብቻ ስለሆነች በደበዘዘ ፎቶ ላይ ከመታየቷ ይልቅ መጥፋቷ ይቀላል፤ 15,000 የነበረው 1,500 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። በውሉ ላይ ገንዘቡ በፊደልም ተጽፎ ከሆነ አስተርጓሚው ሁለቱን እንዲያስተያይ፣ መገበያያውም የሳውዲ ሪያል መሆኑን በግልጽ እንዲጽፍ ይጠይቁት።

አሁን የሚቀድመው ዋናው ወረቀት ነው። በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ስለሆነ፣ ክርክርዎን በስልክ ፎቶ ላይ ብቻ መመሥረት አይገባም። ወረቀቱ እስኪደርስ እህትዎ አራቱ ጠርዞች እንዲታዩ አድርገው በቀን ብርሃን አንሥተው፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩልዎ። ከዓመቱ ቁጥር ጎን «ሃ» የሚል የዐረብኛ ፊደል ካለ ሂጅራ፣ «ሚም» ካለ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወሩ በቁጥር 9 ብቻ የተባለ እንደሆነም በሂጅራ ረመዳን ነው፤ ሴፕቴምበር ብሎ የተረጎመ ሰው ቢገጥምዎ ትርጉሙን አይቀበሉት።

ጅማ ያለው ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ትርጉሙ በአማርኛ ዞሮ ከመምጣት ይልቅ ከዐረብኛ በቀጥታ ወደ አፋን ኦሮሞ ፈቃድ ባለው አስተርጓሚ ቢሠራ ይሻላል። አስተርጓሚው የዕለቱን ስምና የሂጅራውን ቀን በወረቀቱ እንዳለ ጽፎ፣ የኢትዮጵያውን አቻ ለብቻው እንዲያስቀምጥ፣ የለወጠውም በሳውዲው የኡሙል ቁራ አቆጣጠር መሆኑን እንዲገልጽ ያድርጉ። በሌላ አቆጣጠር ከተለወጠ የአንድ ቀን ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ የአሥር ዓመት ልዩነት ግን ከየትኛውም አቆጣጠር አይመጣም።