ልብስ ኤዲት ለምታደርጉ ልጆች፦ መጀመሪያ ክሩ ፎቶው ውስጥ አለ ወይ?

ልጆች፣ ይሄን የምጽፍላችሁ አንድ አብሮኝ የሚሰራ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ጃኬት ላይ ሲታገል አይቼ ነው። ደንበኛው ጥቁር ግራጫ ጃኬት ለብሶ የተነሳውን ሙሉ ቁመት ፎቶ ልኮ ጃኬቱ ፈዛዛ ቡኒ ይሁንልኝ፣ ጨርቁ ግን ቁልጭ ብሎ ይታይ አለ። ጨርቁ ሄሪንግቦን ነው፣ ያ የዓሳ አጥንት የሚመስለው ሽመና። ልጁ ፎቶውን እንዳገኘ ቀጥታ ሻርፕ አደረገ፣ አልበቃው ሲል አሳደገ፣ ደግሞ ሻርፕ አደረገ፣ ከዛ ቀለሙን ወደ ቡኒ ሲያፈዝዘው ጃኬቱ ላይ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች እንደ ባኞ ቤት ሴራሚክ ተደርድረው ወጡ። እኔም በሱ እድሜ ያደረኩት ይሄንኑ ስለሆነ አልተቆጣሁትም።

ልጁን ቁጭ አድርጌ ያሳየሁት ነገር ሂሳብ ነው፣ ቀላል ሂሳብ። ፎቶው 960 በ1280 ፒክስል ነው፣ ጃኬቱ ከትከሻ እስከ ጫፍ 400 ፒክስል ያህል ይዟል። የእውነት ጃኬቱ ርዝመት 70 ሳንቲሜትር ገደማ ነው በሉ። 400ን ለ70 ስታካፍሉት ለአንድ ሳንቲሜትር ጨርቅ 6 የማይሞላ ፒክስል ነው ያለው። አሁን ክሩን አስቡት፣ አንድ ሳንቲሜትር ውስጥ 15 ክር ካለ እያንዳንዱን ክር ከጎኑ ካለው ለይቶ ለማሳየት ቢያንስ ሁለት ሁለት ፒክስል ያስፈልጋል፣ አንዱ ለክሩ አንዱ ለመሀሉ ጥላ፣ ማለትም 30 ፒክስል። እኛ ጋ ያለው 6 ነው። ስለዚ ድርና ማጉ እዛ ፎቶ ውስጥ የለም፣ ደብዝዞ ሳይሆን ጭራሽ አልተመዘገበም። ያለው ምንድነው፣ የአንድ ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የሄሪንግቦኑ ሰንበር፣ እሱም ጭረት ጭረት ሆኖ። የሌለውን ክር በሻርፕ ለማውጣት መሞከር ካሜራው ያላየውን ነገር ካልተናገርክ ብሎ እንደመጨቃጨቅ ነው።

ሂሳቡን ስትጨርሱ ኦሪጅናሉን መጠየቅ ነው። ፎቶው በቻት ሲላክ ይጨመቃል፣ 1280 የሚለው ቁጥር ራሱ ብዙ ጊዜ ይናገራል። ደንበኛውን ከስልክህ ጋለሪ በፋይል ላክልኝ በሉት፣ በፎቶ ሳይሆን በፋይል፣ እና እባካችሁ ስክሪንሾት እንዳይልክ አስረዱት። እኛ ጋ ሲመጣ 3000 በ4000 ሆኖ መጣ። ጃኬቱ ላይ አሁን ለሳንቲሜትር 18 ፒክስል ገደማ አለን። ለአንድ አንድ ክር አሁንም አይበቃም፣ ግን የዓሳ አጥንቱ ዚግዛግ መስመሮች ሁለት ሚሊሜትር ያህል ስለሚራራቁ ለያንዳንዱ ሶስት ተኩል ፒክስል ይደርሰዋል፣ እሱ ይበቃል። ሰው ሲያየው ደሞ ሽመናውን የሚለየው በዛ ነው።

ያም ሆኖ ትንሽ ደብዝዟል። ምን ዓይነት ብለር እንደሆነ ሳታውቁ ምንም አትንኩ። 100% ላይ ዙም አርጉና የሚያብረቀርቅ ትንሽ ነገር ፈልጉ፣ ቁልፍ ላይ ያለች የብርሃን ነጥብ፣ ወይ የአይን ውስጧን። ነጥቧ ክብ ሆና ከተስፋፋች ፎከስ ስቷል ማለት ነው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትታ መስመር ከሆነች እጅ ተንቀጥቅጧል፣ ዙሪያዋ ነጭ ቀለበት ካለ ደሞ ስልኩ ራሱ አስቀድሞ ሻርፕ አድርጎታል፣ የዛን ጊዜ እናንተ ምንም ባትጨምሩ ይሻላል። ሽፋሽፍቱ ጥርት ብሎ ልብሱ ብቻ ከደበዘዘ ፎከሱ ፊት ላይ ነው የነበረው፣ ስለዚ ማስተካከያው በማስክ ጃኬቱ ላይ ብቻ። የኛዋ ነጥብ ወደ አራት ፒክስል የምትሆን ሰያፍ መስመር ነበረች።

ከዛ ቅደም ተከተሉ ነው፣ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚ ጋ ነው። ኮፒ አውጥታችሁ 16 ቢት አድርጉት፣ ቀለም ስታፈዝዙ ደረጃ ደረጃ እየሆነ እንዳይሰበር። ቀጥሎ ማጽዳት። ጄፔግ ፎቶውን በ8 በ8 ፒክስል ሳጥን እየከፈለ ነው የሚጨምቀው፣ ቀለሙን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከብርሃኑ በግማሽ ጥራት ነው የሚይዘው፣ የልጁ ሴራሚክ የመጣውም ከዚ ነው፣ ጨለማው ውስጥ ተደብቆ የነበረው ሳጥን ልብሱ ሲፈዝ ብቅ አለ። ስለዚ ፎቶሾፕ ውስጥ በ`Camera Raw Filter` የቀለሙን ኖይዝ በደንብ ቀንሱ፣ የብርሃኑን ግን ከ10 አታሳልፉ፣ ምክንያቱም የጨርቁ ሽመና ያለው ብርሃኑ ውስጥ ነው፣ እዛ ላይ ከበዛ ጃኬቱ ፕላስቲክ ይሆናል። ከጽዳቱ በኋላ ብቻ `Smart Sharpen` ከፍታችሁ `Remove` የሚለውን `Motion Blur` አድርጉ፣ አንግሉን ከነጥቧ ሰያፍ ጋር አመሳስሉ፣ ራዲየሱን ከ3 ጀምሩ። ፎከስ የሳተ ቢሆን ኖሮ `Lens Blur` ነበር። የቁልፉ ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ሲጀምር አልፋችኋል፣ ተመለሱ። አይን የሚስብ ሻርፕነት እዚ ደረጃ ላይ አትፈልጉ፣ እሱ ቀለም ከተቀየረ በኋላ መጨረሻ ላይ በሌላ ሌየር `Luminosity` ሆኖ ይመጣል። ቀድማችሁ አክርራችሁ ካሳደጋችሁት ሁለት ፒክስል የነበረው ነጭ ጠርዝ አራት ፒክስል ይሆንና ማንም አያጠፋውም።

ኦሪጅናሉ ጠፍቷል ቢል ኖሮስ? እሱም ያጋጥማል፣ ስልኩ ተሰርቋል ምናምን። ያኔ ትንሹን ፎቶ አጽዱና አንዴ ብቻ በእጥፍ አሳድጉት፣ `Image Size` ውስጥ `Preserve Details 2.0` ይበቃል። ራሱ ቴክስቸር እየፈጠረ የሚያሳድገውን ሶፍትዌር ብትጠቀሙ ሰንበሩን ቁጠሩ። እኔ አንዴ ትንሹ ፎቶ ላይ ከኮሌታው እስከ ክንዱ ስፌት 11 ሰንበር ቆጥሬ ያደገው ላይ 9 አገኘሁ፣ ከዛም ሁለቱ መሀል ላይ እንደ ትል ተጠማዝዘው ተጣብቀዋል። በዙም ሳይሆን ከሩቅ ስታዩት በጣም ያምራል፣ ችግሩ ያ የሰውየው ጃኬት አለመሆኑ ነው።

ለእንዲህ ያለው የሚያዋጣው ክሩን ከሌላ ቦታ ማምጣት ነው። ደንበኛው ጃኬቱ አሁንም ካለው ጨርቁን ብቻ ከቅርብ፣ በጎን ብርሃን፣ መጨማደድ በሌለበት ቦታ ያንሳላችሁ። ያደገው ፎቶ ላይ አንድ ሰንበር 11 ፒክስል ገደማ ስለሆነ የጨርቁን ፎቶ ሰንበሩ 11 እስኪሆን ቀንሱት፣ ግራጫ አድርጉት፣ `Soft Light` ላይ ከ30% ጀምራችሁ አልብሱት፣ ከዛ በ`Warp` እጥፋቱን እየተከተላችሁ እጅጌውን ለብቻ፣ ደረቱን ለብቻ፣ ኮሌታውን ለብቻ አዙሩት። አንድ ወጥ አድርጋችሁ ከለጠፋችሁት ክንዱ ሲታጠፍ ሽመናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ያንን ማንም ሰው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ያየዋል። ጃኬቱ ከሽፋሽፍቱ በላይ ጥርት ካለም ተለጣፊ ይመስላል፣ ትንሽ `Gaussian Blur` ግማሽ ፒክስል ያህል ስጡትና በመጨረሻ ፊቱም ጃኬቱም ጀርባውም ላይ አንድ ዓይነት ስስ ግሬይን በትኑ።

ልጁ በኦሪጅናሉ እንደገና ጀመረና ከሰዓት በኋላ ጨረሰው። ደንበኛው ሲያየው መጀመሪያ ያለው ነገር የግራ ኪሱ ላይ ሰንበሩ ከጃኬቱ ጋር አይገጥምም የሚል ነበር፣ ኦሪጅናሉን ከፍተን ስናይ ልብስ ሰፊው ራሱ አላገጠመውም።