የሚያጠቡ እናቶች የወሊድ መከላከያ እንክብል ሲረሳ
«እያጠባሁ ነው፤ ሌቮኖርጀስትሬል ብቻ ያለበትን እንክብል ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው የምውጠው። ትናንት ከጅማ አጋሮ ሄጄ ረሳሁት፣ ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ዋጥኩ። ጎረቤቴ አንድ ቢረሳ ችግር የለውም አለችኝ። ኮንዶም ያስፈልጋል?»

አዎ እህቴ፣ ለሁለት ቀን ተጠቀሙ። የማታውንም በሰዓቱ ዋጪ። ያንቺ እንክብል የማህፀን በርን ፈሳሽ አወፍሮ ነው የሚከላከለው፤ ያ ውፍረት ቶሎ ይሳሳል፣ ስለዚህ ከ3 ሰዓት በላይ መዘግየት እንደ መርሳት ይቆጠራል። አንቺ 11 ሰዓት ዘግይተሻል። ሌሊቱን ግንኙነት ከነበረ ዛሬውኑ ፋርማሲ ሄደሽ ድንገተኛ መከላከያ ጠይቂ፤ በቶሎ ሲወሰድ ይሻላል፣ ከ3 ቀን አይለፍ።

ጎረቤትሽ የምትወስደው ሁለት ሆርሞን ያለበትን ጥምሩን እንክብል ይመስለኛል። እሱ እንቁላል እንዳይወጣ ስለሚያደርግ አንድ ፍሬ ቢረሳ፣ እንዳስታወሱ መዋጥ ይበቃል። ሁለትና ከዚያ በላይ ከተረሳ ግን 7 ቀን ኮንዶም ያስፈልጋል። ቡናማዎቹ የብረት ፍሬዎች ቢረሱ እንደ መርሳት አይቆጠርም።